ሁለት ካይራል ካርቦን እያለው ብርሃን የማያዞረው ታርታሪክ አሲድ

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ታርታሪክ አሲድ ሁለት ካይራል ካርቦን አለው። በ2ⁿ ቀመር አራት ስቴሪዮአይሶመር ሊኖረው ይገባል፤ መጽሐፉ ግን ሦስት ነው ይላል። ሦስተኛው ሜሶ ነው፣ ብርሃን አያዞርም ተባልን። አንዱ ካርቦን ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ስለሚያዞር ነው ከተባለ ታዲያ ከሬሲሚክ ድብልቅ በምን ይለያል? ደግሞስ መሃል ያለው ቦንድ ሲሽከረከር የመስታወት ገጹ ይጠፋል አይደል? ያኔ ለምን ማዞር አይጀምርም?»

ምላሽ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ብርሃን የሚያዞር ካርቦን የለም። ብርሃን የሚያዞረው ሙሉ ሞለኪውሉ ነው፤ እሱም የሚያዞረው ከራሱ የመስታወት ምስል ጋር የማይገጥም ሲሆን ብቻ ነው። ካይራል ካርቦን መኖሩ ጥርጣሬ ያሳድራል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። አንድ ብቻ ካለ ጥርጣሬው ልክ ይወጣል፤ ሞለኪውሉ ካይራል ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ሞለኪውሉን በሙሉ ማየት ግድ ነው። የብዙ ተማሪ ችግር የሚጀምረው ካርቦን ቆጥሮ እዚያው ላይ ስለሚያቆም ነው።

«አንዱ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ» የሚለው አባባል ለማስታወስ ይረዳል፤ ቃል በቃል ከወሰዱት ግን ያሳስታል። R እና S የአሰያየም ሕግ ውጤት ናቸው። አራቱን ተያያዥ ቡድኖች በቅደም ተከተል ደርድረን የምንሰጠው ስም ነው። ብርሃኑ የሚዞርበትን አቅጣጫ አይነግሩንም። ወይን ውስጥ የሚገኘው ታርታሪክ አሲድ (2R,3R) ነው፤ በውሃ ሲሟሟ ወደ ቀኝ ያዞራል። የላክቲክ አሲድ R ግን ወደ ግራ ያዞራል። ስለዚህ «R ቀኝ፣ S ግራ፣ ሲደመሩ ዜሮ» የሚለው ስሌት ከመነሻው መሠረት የለውም።

ታዲያ ዜሮው ከየት መጣ? የብርሃኑን መዞር በሚለካው መሣሪያ፣ በፖላሪሜትሩ፣ ቱቦ ውስጥ ያለውን እናስብ። የሟሟው አሲድ ሞለኪውሎች በየአቅጣጫው እየተገለባበጡ ይንሳፈፋሉ። አንዱ ሞለኪውል በሆነ አቀማመጥ ላይ ሳለ ብርሃኑን በጥቂቱ ወደ ቀኝ ሊያዘነብል ይችላል። ይሄ ለሜሶም ቢሆን እውነት ነው። ነገር ግን የሜሶ ሞለኪውል የመስታወት ምስል ራሱ ሜሶ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አቀማመጥ የመስታወት ምስሉ የሆነ ሌላ አቀማመጥ እዚያው ቱቦ ውስጥ አለ፤ እኩል ዕድልም አለው። አንዱ ወደ ቀኝ ያዘነበለውን ሌላው ልክ በዚያው መጠን ወደ ግራ ይመልሰዋል። ሞለኪውሎቹ ስፍር ቁጥር የላቸውምና የቀረ ነገር አይኖርም። በ(2R,3R) ላይ ይህ አይሠራም። የእሱን ሥራ የሚያፈርሰው (2S,3S) ነው፤ እሱ ደግሞ ቱቦው ውስጥ የለም። ስለዚህ ትንንሾቹ ዝንባሌዎች ተደምረው የሚነበብ ቁጥር ይሆናሉ።

ቁጥሩንም እንየው። 20 ግራም የተፈጥሮ ታርታሪክ አሲድ በውሃ አሟሙተው 100 ሚሊ ሊትር ይሙሉ። 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ፣ በሶዲየም መብራት፣ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያንብቡ። የአሲዱ ስፔሲፊክ ሮቴሽን በዚህ መጠን +12 አካባቢ ነው። ቱቦው 1 ዴሲ ሜትር ነው፣ በሚሊ ሊትር ያለው 0.2 ግራም ነው፤ ሲባዛ +2.4 ዲግሪ ይሆናል። (2S,3S)ን በተመሳሳይ መጠን ቢያስገቡ −2.4 ያነባሉ። ሜሶውን ቢያስገቡ ዜሮ። የ(2R,3R) እና የ(2S,3S)ን እኩል ድብልቅ፣ ማለትም ሬሲሚኩን፣ ቢያስገቡም ዜሮ። የእርስዎ ግራ መጋባት ያለው በእነዚህ ሁለት ዜሮዎች መካከል ነው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቆጠራው። 2ⁿ ጣሪያውን ነው የሚነግረን፤ ከዚያ በላይ አይኖርም ማለት ነው። በወረቀት ላይ አራት ስም እንጽፋለን፦ (2R,3R)፣ (2S,3S)፣ (2R,3S)፣ (2S,3R)። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን አንድ ናቸው። የፊሸር ፕሮጀክሽን ይሳሉ። ላይ COOH፣ ታች COOH። በሁለቱም መካከለኛ ካርቦኖች ላይ OH ወደ ቀኝ፣ H ወደ ግራ። ስም ስንሰጠው ላይኛው R ታችኛው S ይወጣል። አሁን ወረቀቱን ሳያነሱ 180 ዲግሪ ያዙሩት። ሁለቱም OH ወደ ግራ ዞሩ፤ ላይ የነበረው ታች ሆነ። ይህ (2S,3R) ብለው ሊጽፉት የነበረው ራሱ ነው። ከየትኛው ጫፍ መቁጠር እንደጀመሩ ካልሆነ በቀር ልዩነት የለም፤ ሁለቱም ጫፎች COOH ናቸውና። አራት ስም፣ ሦስት ውህድ።

ሥዕሉ መሃል ላይ በአግድም መስመር ቢያሰምሩ የላይኛው ግማሽ የታችኛው የመስታወት ምስል ሆኖ ያገኙታል። የመስታወት ገጹ ያ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ የፊሸርን ሥዕል 180 ዲግሪ እንጂ 90 አያዙሩት። በ90 ካዞሩት ወደ እርስዎ የወጣው ቦንድ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው፤ የካርቦኑ አቀማመጥ ይገለበጣል።

ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚጥለው ግን ፊሸር አይደለም፤ የዚግዛግ ሥዕል ነው። አራቱን ካርቦኖች በዚግዛግ ይሳሉና ሁለቱንም OH በወፍራም ቦንድ ወደ ፊት ያውጡ። ዓይን ሲያየው የተመጣጠነ ይመስላል፤ ተማሪው ወዲያው «ሜሶ!» ይላል። አይደለም። ያ ብርሃን ከሚያዞሩት አንዱ ነው። ሜሶው አንዱ OH ወደ ፊት፣ ሌላው በተቆራረጠው ቦንድ ወደ ኋላ የሆነው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የፊሸር ሥዕል ሞለኪውሉን ተጣጥፎ፣ ጫፎቹ ወደ አንድ ወገን ታጥፈው ያሳያል። ዚግዛግ ደግሞ ዘርግቶ ያሳያል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ መሃል ያለውን ቦንድ 180 ዲግሪ ማዞር አለብን። ስለዚህ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ካርቦኖች ላይ በፊሸር አንድ ወገን የነበሩት በዚግዛግ ተቃራኒ ወገን ይሆናሉ።

ሁለቱም OH ወደ ፊት የወጡበት ሥዕል የተመጣጠነ የሚመስለው በእርግጥም አንድ ሲሜትሪ ስላለው ነው። ግን ያለው የመሽከርከሪያ ዘንግ ነው፤ 180 ዲግሪ ቢዞር ራሱን ይመስላል። የመሽከርከሪያ ዘንግ ካይራልነትን አያጠፋም። የሚያጠፉት የመስታወት ገጽ ወይም የሲሜትሪ ማዕከል ናቸው (ከእነዚህ ውጪ አንድ ብርቅ ዓይነት አለ፤ በሁለተኛ ዓመት አያጋጥምዎትም)። የሲሜትሪ ማዕከል ማለት ከመሃል ነጥቡ ተነስተው ወደ አንዱ አቅጣጫ ሲሄዱ ያገኙትን አቶም፣ በተቃራኒው አቅጣጫ በእኩል ርቀት ሲሄዱም የሚያገኙበት ነው። የተዘረጋው ሜሶ ታርታሪክ አሲድ የመስታወት ገጽ የለውም፤ ይህ ማዕከል ግን አለው። በሁለቱ ካይራል ካርቦኖች መካከል፣ ልክ ቦንዱ እኩሌታ ላይ።

ይህ ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ያመጣናል። ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው፤ ብዙ መጻሕፍት ዘለውት ያልፋሉ። ቦንዱ ሲሽከረከር የመስታወት ገጹ ይጠፋል ያሉት ትክክል ነው። እንዲያውም የመስታወት ገጹ ያለው ቅርጽ፣ ማለትም በፊሸር የምንስለው፣ ቡድኖቹ ፊት ለፊት የሚጋጩበትና ሞለኪውሉ ከማይወዳቸው ቅርጾች አንዱ ነው። ሞለኪውሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በሦስት ቅርጾች ላይ ነው። አንደኛው የተዘረጋው ነው፤ የሲሜትሪ ማዕከል ስላለው በራሱ ካይራል አይደለም። ሌሎቹ ሁለቱ COOH ቡድኖቹ በ60 ዲግሪ ገደማ የተጠጋጉባቸው፣ አንዱ በቀኝ ጠመዝማዛ፣ ሌላው በግራ ጠመዝማዛ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ እያንዳንዳቸው ካይራል ናቸው። አንዱን ብቻውን ይዘን ማቆየት ብንችል ብርሃን ያዞር ነበር።

ነገር ግን እነዚህ ሁለቱ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ናቸው። የመስታወት ምስሎች ጉልበታቸው እኩል ነው፤ ልዩነት ሊኖራቸው አይችልም። ጉልበታቸው እኩል ከሆነ ቁጥራቸውም እኩል ነው። በክፍል ሙቀት ላይ አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጠው ከዓይን ጥቅሻ እጅግ በፈጠነ ፍጥነት ነው፤ ለመያዝና ለመለየት ጊዜ የለም። ስለዚህ በቀኝ ጠመዝማዛው የዞረውን በግራ ጠመዝማዛው ያለው ይመልሰዋል። ቦንዱ ቢዞርም ባይዞርም ድምሩ ዜሮ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ሥራ ያቃልላል። ሞለኪውሉ ቦንዶቹን እያሽከረከረ ከሚደርስባቸው ቅርጾች አንዱ እንኳ የመስታወት ገጽ ወይም የሲሜትሪ ማዕከል ካለው፣ ውህዱ ብርሃን አያዞርም። ሁሉም ቅርጾች እንዲኖራቸው አይጠበቅም። የማይወደድ ቅርጽ ቢሆንም ለፍተሻው ይበቃል። ለዚህ ነው ሞለኪውሉ በፊሸር ቅርጽ ባይኖርም የፊሸር ሥዕል ትክክለኛ መልስ የሚሰጠን። ገደቡም እዚሁ ውስጥ አለ፤ «የሚደርስባቸው» ነው ያልኩት። አንዳንድ ሞለኪውሎች ቡድኖቻቸው በጣም ግዙፍ ከመሆናቸው የተነሳ ቦንዱ አልሽከረከር ይላል። ያኔ ደንቡ አይሠራም፤ ካይራል ካርቦን ሳይኖራቸው ብርሃን የሚያዞሩም አሉ። ታርታሪክ አሲድ ግን እንደልቡ ይሽከረከራል።

አሁን ወደ ሁለቱ ዜሮዎች። ሬሲሚክ ማለት የግራና የቀኝ ነጠላ ጫማ እኩል ተቀላቅሎ የሞላበት ጆንያ ነው። ሜሶ ደግሞ እያንዳንዱ ግራ ከአንድ ቀኝ ጋር በክሩ የታሰረበት ጆንያ። በሁለቱም ውስጥ የግራና የቀኙ ቁጥር እኩል ነው። የመጀመሪያውን ግን ቁጭ ብሎ መለየት ይቻላል፤ ሁለተኛውን ክሩን ሳይበጥሱ አይቻልም።

ይሄ በታሪክም የሆነ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1848 (እ.ኤ.አ.) የሬሲሚኩን አሲድ የሶዲየምና የአሞኒየም ጨው ሲያደርቅ ክሪስታሎቹ ሁለት ዓይነት ሆነው አገኛቸው፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል። አንድ በአንድ በእጁ ለያቸው። እያንዳንዱን ክምር ሲያሟሟ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ አዞረ። ይህን ያየው በ25 ዓመቱ ነው። ዕድልም ረድቶታል፤ ጨው ሁሉ እንዲህ ተለያይቶ አይደርቅም፣ ይህኛውም ቢሆን ሙቀቱ ከፍ ካለ አይለያይም። በ1853 ደግሞ የታርታሪክ አሲድን የሲንኮኒን ጨው ሲያሞቅ ሌላ አሲድ አገኘ። ብርሃን አያዞርም፤ ወደ ሁለት ለመክፈልም እምቢ አለ። ሜሶ ታርታሪክ አሲድ ይሄ ነበር።

በቤተ ሙከራ ዜሮ ካነበቡ ታዲያ የትኛው እንደሆነ እንዴት ያውቃሉ? ፖላሪሜትሩ ብቻውን አይነግርዎትም። የመቅለጫ ነጥቡን ይውሰዱ። የተፈጥሮው አሲድ 170 ዲግሪ አለፍ ሲል ይቀልጣል፤ (2S,3S)ም እንደዚያው። ሬሲሚኩ 206 አካባቢ፣ ሜሶው 147 አካባቢ ነው። በውሃ የመሟሟት ልዩነቱም ሰፊ ነው። በ20 ዲግሪ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ከሬሲሚኩ 20 ግራም ገደማ ብቻ ሲያሟሟ፣ ከሜሶውም ከተፈጥሮውም ከ100 ግራም በላይ ይወስዳል። ምክንያቱም ሜሶ ለሌሎቹ ሁለቱ የመስታወት ምስል አይደለም፤ ዳያስቴሪዮመራቸው ነው። የተለየ ውህድ ስለሆነ የራሱ ባሕርይ አለው። እዚህ ላይ ይጠንቀቁ፦ ሬሲሚኩም ሜሶውም ውሃ ይዘው ክሪስታል ይሠራሉ። በደንብ ሳይደርቁ ከለኩ የሚያገኙት ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም።

ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። «ሜሶ» ተብሎ በተሰጠዎት ናሙና ላይ ዜሮ ሳይሆን +0.1 ዲግሪ ቢያነቡ ሜሶው ጥቂት አዞረ ብለው አይጻፉ። ከላይ ባልነው መጠን ከ20 ግራሙ 1 ግራም የሚያህለው የተፈጥሮ አሲድ ከሆነ ንባቡ እዚያው አካባቢ ይሆናል። ሜሶ በጥቂቱ አያዞርም። ናሙናው አልጠራም፣ ወይም መሣሪያው በንጹህ ውሃ ዜሮ አልተደረገም።

ሬሲሚክና ሜሶ እንዴት እንደሚወለዱ ካዩ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይጨበጣል። ማሌይክ አሲድ ሁለቱን COOH በድርብ ቦንዱ አንድ ወገን ይዟል። ቀዝቃዛና በጣም ቀጭን ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ሁለት OH በአንድ ፊት ላይ ይጨምርበታል። የሚወጣው ሜሶ ነው። OHዎቹ በላይኛው ፊት ቢጨመሩም በታችኛው ቢጨመሩም ያው ሜሶ ነው፤ ሌላ ምርጫ የለም። ፉማሪክ አሲድ COOHዎቹ በተቃራኒ ወገን ናቸው። ያንኑ ፐርማንጋኔት ሲያገኝ በአንዱ ፊት ከተጨመረ (2R,3R)፣ በሌላው ፊት (2S,3S) ይሆናል። ሁለቱ ፊቶች እኩል ዕድል ስላላቸው የሚያገኙት ሬሲሚክ ነው። ሁለቱንም ጠርሙስ ፖላሪሜትር ላይ ቢያስቀምጡ ዜሮ ያነባሉ፤ ውስጣቸው ግን ፍጹም የተለያየ ነው።

አንድ የተሳሳተ ድምዳሜ እንዳይዙ ብቻ፦ R እና S አብረው መኖራቸው ሜሶ አያደርግም። ትሪዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ (2S,3R) ነው፤ ብርሃን ግን ያዞራል፣ በውሃ −28 አካባቢ። ምክንያቱ ጫፎቹ አይመሳሰሉም። በአንድ በኩል COOH፣ በሌላው CH₃። የመስታወት ገጽ ሊቆምበት የሚችል ቦታ የለም። ሜሶ ለመሆን ሞለኪውሉ ሁለት እኩል ግማሾች ያስፈልጉታል፤ በእነዚያ ግማሾች ላይ ያሉት ካርቦኖች ደግሞ ተቃራኒ መሆን አለባቸው። ሁለቱም ሁኔታዎች ይሟሉ።

ካርቦኖቹ ቢበዙም ያው ነው። ጋላክቶስን ከናይትሪክ አሲድ ጋር ሲያሞቁ ሁለቱም ጫፎቹ COOH ይሆናሉ፤ ሚዩሲክ አሲድ ይባላል። አራት ካይራል ካርቦን አለው፤ አንድ ጫፍ ይዘው ሲቆጥሩ R፣ S፣ R፣ S። አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው ጋር ይካካሳል፤ የመስታወት ገጹ መሃላቸው ያልፋል። ብርሃን አያዞርም። ግሉኮስን እንዲሁ ቢያደርጉት የሚገኘው አሲድ ጫፎቹ ቢመሳሰሉም ካርቦኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለማይካካሱ ያዞራል። ኤሚል ፊሸር የስኳሮችን ቅርጽ ሲፈታ ከተጠቀመባቸው ፍንጮች አንዱ ይህ ነበር፦ ስኳሩን ጫፍና ጫፉን አንድ ዓይነት አድርገህ፣ የወጣው ያዞራል ወይስ አያዞርም ብለህ መጠየቅ።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ካይራል ካርቦን ከመቁጠርዎ በፊት ሁለቱ ጫፎች አንድ መሆናቸውን ይዩ። አንድ ካልሆኑ የሜሶን ጥያቄ እዚያው ይዝጉት። አንድ ከሆኑ የዚግዛጉን ሥዕል አይመኑ፤ ወደ ፊሸር ይለውጡትና መሃሉን በመስመር ይክፈሉት። ከዚያ በኋላ ብቻ R እና S ጽፈው ያረጋግጡ። የሞለኪውል ሞዴል ካለዎት ይሥሩት፤ የተዘረጋውን ቅርጽና ሁለቱን ጠመዝማዞች በእጅዎ ማዞር ከማንኛውም ማብራሪያ ይሻላል። በቤተ ሙከራ ሪፖርት ላይ ደግሞ «ዜሮ ስላነበበ ሜሶ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በፍጹም አይጻፉ። የመቅለጫ ነጥቡን ወይም የሟሟውን መጠን አብረው ያስቀምጡ።

በመጨረሻ አንድ ገደብ። ሜሶው ብርሃን አለማዞሩ የሚዘልቀው ሁለቱ ግማሾች እኩል እስከሆኑ ድረስ ነው። ከሜሶ ታርታሪክ አሲድ አንዱን COOH ብቻ ወደ ኤስተር ቢለውጡ ጫፎቹ ይለያያሉ፤ የሚወጣው ሞለኪውል ካይራል ነው። ተራ አልኮልና አሲድ ከተጠቀሙ ግራውን ጫፍም ቀኙንም እኩል ስለሚነኩ ሬሲሚክ ያገኛሉ፤ ፖላሪሜትሩ አሁንም ዜሮ ይላል፣ በሌላ ምክንያት። ራሱ ካይራል የሆነ ኢንዛይም ግን ሁለቱን ጫፎች ለይቶ አንዱን መርጦ ሊነካ ይችላል። ያኔ ከማያዞረው ሜሶ የሚያዞር ውህድ ይወጣል።